ፓኬት በሦስት መስመሮች ሲያልፍ፦ የመዘግየት ስሌት በፈተና ጥያቄዎች ውስጥ

አንድ ፓኬት ከላኪው ኮምፒውተር ተነሥቶ፣ በመካከል ያሉትን ራውተሮች አልፎ፣ ተቀባዩ ዘንድ ሙሉ በሙሉ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ይፈጃል የሚለው ጥያቄ በኮምፒውተር መረብ ትምህርት ፈተናዎች ላይ ከማይጠፉት አንዱ ነው። በዩኒቨርሲቲ የአጋማሽና የማጠቃለያ ፈተናዎች ላይም ሆነ በህንድ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት መግቢያ በሚሰጠው ጌት በተባለው ፈተና ላይ ቁጥሩንና የመስመሩን ብዛት እየለዋወጠ ይቀርባል። የሚፈልገው ሒሳብ ከማካፈልና ከመደመር የማያልፍ ቢሆንም ብዙ ተፈታኝ ይሳሳታል፤ የስሕተቱም ምንጭ በአብዛኛው ቀመሩን አለማወቅ ሳይሆን፣ የትኛው ቢት በየትኛው ቅጽበት የት እንደሚገኝ ሳይወስኑ ቀመር መደርደር ነው። የጥያቄውን ዓይነቶች በየፈርጁ ከመዘርዘር ይልቅ አንድ ምሳሌ ይዞ፣ ፈታኞች በሚለዋውጡበት መንገድ ሁሉ እየለዋወጡ መከተሉ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል።

በመጀመሪያ መዘግየት ከምን ከምን እንደሚሠራ መለየት ያስፈልጋል። የማስተላለፍ መዘግየት፣ ማለትም ተማሪዎች ትራንስሚሽን ዲሌይ የሚሉት፣ ላኪው የፓኬቱን ቢቶች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ መስመሩ አውጥቶ እስኪጨርስ የሚወስድበት ጊዜ ሲሆን፣ የፓኬቱን ርዝመት በቢት L፣ የመስመሩን ፍጥነት በቢት በሰከንድ R ብንለው L/R ይሆናል። የጉዞ መዘግየት፣ ማለትም ፕሮፓጌሽን ዲሌይ፣ አንድ ቢት መስመሩ ላይ ከወጣ በኋላ ሌላኛው ጫፍ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ የመስመሩ ርዝመት d፣ ምልክቱ በመስመሩ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት s ከሆነ d/s ይሆናል። የመጀመሪያው የፓኬቱን ትልቀት ሲከተል ስለ ርቀቱ ምንም አያውቅም፤ ሁለተኛው ርቀቱን ሲከተል ስለ ፓኬቱ ትልቀት ምንም አያውቅም። ስለዚህ መስመሩን ከ10 ሜጋቢት ወደ 100 ሜጋቢት በሰከንድ ማሳደግ የመጀመሪያውን በ10 እጅ ሲቀንሰው ሁለተኛውን በአንድ ማይክሮሰከንድ እንኳ አይነካውም።

የወረፋ መዘግየት፣ ኪዩዊንግ ዲሌይ የሚባለው፣ ፓኬቱ ራውተር ውስጥ ገብቶ ከፊቱ ያሉት እስኪወጡ ድረስ ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። ከሁለቱ የሚለየው ባሕርይ ከፓኬቱም ከመስመሩም ጠባይ ብቻ ሊታወቅ አለመቻሉ ነው፤ ከፊት የቆመው ማን እንደሆነና ስንት እንደሆነ ካልተነገረ አይሰላም። አራተኛ ክፍልም አለ፤ ራውተሩ የፓኬቱን አድራሻ አንብቦ በየትኛው በር እንደሚያስወጣው የሚወስንበት ጊዜ ሲሆን፣ በዘመናዊ ራውተሮች ውስጥ በማይክሮሰከንድ የሚቆጠር በመሆኑ የፈተና ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ ከቁጥር አያስገቡትም። እዚህም እንደዚያው ይታለፋል።

የጉዞ ፍጥነቱ ሳይጠቀስ ሲቀር ተፈታኙ የትኛውን ቁጥር መያዝ እንዳለበት ያመነታል። ብርሃን በባዶ ሕዋ በሰከንድ 300,000 ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በፋይበር ውስጥ ግን መስታወቱ ስለሚያዘገየው ፍጥነቱ ወደ 200,000 ኪሎሜትር በሰከንድ ይወርዳል። ጥያቄው ስለ ፋይበር ከሆነ 2×10⁸ ሜትር በሰከንድ፣ ስለ ሳተላይት ወይም ስለ ሬዲዮ ከሆነ 3×10⁸ ሜትር በሰከንድ መያዝ ተገቢ ነው። በሳተላይት ጥያቄ ላይ ርቀቱ መውጣትና መውረድ ሁለቱንም እንደሚያካትት መዘንጋት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ባለ ሳተላይት በኩል የሚላክ ፓኬት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለጉዞው ወደ 240 ሚሊሰከንድ ይፈጃል።

ምሳሌው

አንድ ኮምፒውተር አዲስ አበባ፣ ሌላው ጅቡቲ ይገኛል እንበል። በመካከላቸው ሁለት ራውተሮች አሉ፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ድሬዳዋ። ከላኪው ኮምፒውተር እስከ አዲስ አበባው ራውተር ያለው የመጀመሪያው መስመር 2 ኪሎሜትር ርዝመትና 10 ሜጋቢት በሰከንድ ፍጥነት አለው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚደርሰው ሁለተኛው መስመር 450 ኪሎሜትርና 100 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ከድሬዳዋ ጅቡቲ የሚደርሰው ሦስተኛው ደግሞ 300 ኪሎሜትርና 2 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። የፓኬቱ ርዝመት 1500 ባይት፣ በመስመሮቹ ሁሉ የምልክቱ ፍጥነት 2×10⁸ ሜትር በሰከንድ ነው። ርቀቶቹ ለስሌት እንዲመቹ የተጠጋጉ፣ ፍጥነቶቹም የመስመሮቹን ልዩነት አጉልተው እንዲያሳዩ የተመረጡ እንጂ በሥራ ላይ ያለ መረብ መለኪያዎች አይደሉም። ራውተሮቹ አንድን ፓኬት ወደሚቀጥለው መስመር ማውጣት የሚጀምሩት የመጨረሻው ቢት ከገባላቸው በኋላ ነው፤ ይህ አሠራር ተቀብሎ ማስተላለፍ ሊባል ይችላል፣ በእንግሊዝኛ ስሙም ስቶር ኤንድ ፎርዋርድ እየተባለ ይታወቃል።

መጀመሪያ መደረግ ያለበት ባይቱን ወደ ቢት መለወጥ ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 1500 ባይት 12,000 ቢት ይሆናል፤ ይህን የረሳ ተፈታኝ የማስተላለፍ መዘግየቶቹን ሁሉ በ8 አሳንሶ ይጽፋል፣ በምርጫ ጥያቄ ላይም ያ የተሳሳተ ቁጥር ከአማራጮቹ አንዱ ሆኖ ሊጠብቀው ይችላል። በመስመር ፍጥነት ላይ ሜጋ ማለት አንድ ሚሊዮን ነው፤ 1024ን በ1024 ማባዛት የማስታወሻ መጠን አለካክ እንጂ የመስመር ፍጥነት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው። የማስተላለፍ መዘግየቱ በመጀመሪያው መስመር 1.2 ሚሊሰከንድ፣ በሁለተኛው 0.12፣ በሦስተኛው 6 ሚሊሰከንድ ሲሆን ድምሩ 7.32 ይሆናል። የጉዞ መዘግየቱ በመጀመሪያው 0.01፣ በሁለተኛው 2.25፣ በሦስተኛው 1.5 ሚሊሰከንድ ሲሆን ድምሩ 3.76 ነው። በየትኛውም ራውተር ወረፋ ከሌለ የፓኬቱ የመጨረሻ ቢት ጅቡቲ የሚደርሰው የመጀመሪያው ቢት ከላኪው መውጣት ከጀመረበት ቅጽበት 11.08 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ የሚታየው ዋና ስሕተት የማስተላለፍ መዘግየቱን አንድ ጊዜ ብቻ መቁጠር ነው። ፓኬቱ በየራውተሩ እንደ አዲስ ከመጀመሪያ ቢቱ እስከ መጨረሻው የሚወጣ በመሆኑ L/R በየመስመሩ በየራሱ R ይሰላል። በመካከል ያለው መሣሪያ ምልክቱን አጉልቶ የሚያሳልፍ ሪፒተር ወይም ሀብ ቢሆን ግን ቢቱን እንደገባለት ስለሚያስወጣ ተጨማሪ የማስተላለፍ መዘግየት አይኖርም፤ ሁለቱ መስመሮች እንደ አንድ ረጅም መስመር ይቆጠራሉ። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ያለችው ሳጥን ምን እንደሆነች ማንበብ ከቀመሩ ይቀድማል። አንዳንድ ስዊቾች ደግሞ የፓኬቱን መነሻ ክፍል አንብበው አድራሻውን እንዳወቁ ቀሪው ሳይደርስ ማውጣት ይጀምራሉ፤ ይህ አሠራር ግን ከዝግተኛ መስመር ወደ ፈጣን መስመር ሲሸጋገር አይሠራም፤ በ10 ሜጋቢት የሚገባ ፓኬት በ100 ሜጋቢት ይውጣ ቢባል የሚወጣው ቢት ገና ሳይገባ ይፈለጋልና።

ፓኬቱን በኪሎሜትር መለካት ለዚህ ሁሉ ጥሩ መረዳት ይሰጣል። በሁለተኛው መስመር ላይ የመጨረሻው ቢት ከአዲስ አበባ ሲወጣ የመጀመሪያው ቢት በ0.12 ሚሊሰከንድ ውስጥ 24 ኪሎሜትር ተጉዟል፤ ስለዚህ ፓኬቱ በፋይበሩ ላይ 24 ኪሎሜትር ርዝመት ይዞ ይጓዛል ማለት ነው፣ በ450 ኪሎሜትሩ ላይም ከ18 የሚበልጡ ፓኬቶች ተከታትለው ሊገኙ ይችላሉ። በሦስተኛው መስመር ላይ ግን በዚሁ ስሌት የፓኬቱ ርዝመት 1,200 ኪሎሜትር ይሆናል፣ መስመሩ ግን 300 ኪሎሜትር ብቻ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው ቢት ጅቡቲ ከደረሰ በኋላም አብዛኛው የፓኬቱ ክፍል ገና ድሬዳዋ ራውተር ውስጥ አለ። የማስተላለፍ መዘግየቱ እዚህ መስመር ላይ የጉዞውን አራት እጥፍ የሆነው፣ በሁለተኛው ላይ ደግሞ የጉዞው ከማስተላለፉ በ18 እጅ የበለጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ፈታኞች «በዚህ ቅጽበት የመጀመሪያው ቢት የት አለ?» ብለው ሲጠይቁ የሚፈትኑት ይህንኑ ነው፤ መልሱም ማስተላለፉና ጉዞው በአንድ ጊዜ እንደሚካሄዱ ለተረዳ ሰው በአንድ ማባዛት ይገኛል። ከመደመሩ ቀመር አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚጀምር ቢመስልም፣ ድምሩ ትክክል የሚሆነው የሚከተለው የመጨረሻውን ቢት ስለሆነ ብቻ ነው፤ ይህ ቢት በመጀመሪያ የፊተኞቹን መውጣት ይጠብቃል፣ ከዚያ ይጓዛል።

ወረፋ ሲገባ

አሁን ፈታኙ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምር፤ ፓኬቱ ድሬዳዋ ሲደርስ አራት እኩል ርዝመት ያላቸው ፓኬቶች ቆመው፣ አንድ ደግሞ በመውጣት ላይ ሆኖ ግማሹ ወጥቶ ይጠብቁታል። በመውጣት ላይ ካለው የቀረው 6,000 ቢት በ2 ሜጋቢት በሰከንድ 3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ የአራቱ ማስተላለፊያ ደግሞ አራት ጊዜ 6፣ ማለትም 24 ሚሊሰከንድ ነው። የወረፋ መዘግየቱ 27 ሚሊሰከንድ ይሆናል፣ ጠቅላላውም ከ11.08 ወደ 38.08 ሚሊሰከንድ ያድጋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች በጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል። ከፊት ያሉትን ፓኬቶች የጉዞ መዘግየት መጨመር ስሕተት ነው፤ ፓኬቱ መውጣት የሚችለው የፊተኛው የመጨረሻ ቢት ከራውተሩ እንደወጣ እንጂ ጅቡቲ እስኪደርስ አይጠብቅም። የፓኬቱን የራሱን 6 ሚሊሰከንድ በወረፋው ውስጥ መቁጠርም ስሕተት ነው፤ እርሱ በማስተላለፍ መዘግየት ስም አስቀድሞ ተቆጥሯል።

ይህ ዓይነት ወረፋ ከውጭ የመጣ ነው፣ ብዛቱም ተሰጥቷል። ጥያቄው ከበድ የሚለው፣ በተገቢው መንገድ ካልተያዘም ብዙዎች የሚወድቁበት፣ ወረፋው ያልተነገረ ሲሆን ነው፤ ላኪው 10 ፓኬቶችን በተከታታይ ያለ ዕረፍት ይላክ፣ በመስመሮቹ ላይም ሌላ ማንም አይኑር። ጥያቄው ስለ ወረፋ አንድ ቃል ሳይናገር ወረፋ ይፈጠራል፤ ፓኬቶቹ ወደ ድሬዳዋ በየ1.2 ሚሊሰከንዱ ሲገቡ የሚወጡት ግን በየ6 ሚሊሰከንዱ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ከፊቱ ባለው የራሱ ወገን ይታገዳል።

ጉዞውን በጊዜ መስመር ላይ መከተል እዚህ ላይ ጥቅሙ ይታያል። የመጀመሪያው ፓኬት ከላኪው ወጥቶ የሚያልቀው በ1.2 ሚሊሰከንድ ነው፤ አዲስ አበባው ራውተር ሙሉ በሙሉ የሚገባው በ1.21፣ ከዚያ ወጥቶ የሚያልቀው በ1.33፣ ድሬዳዋ የሚደርሰው በ3.58 ይሆናል። ወረፋ ስለሌለበት ወዲያው መውጣት ይጀምራል፣ በ9.58 ይጨርሳል፣ በ11.08 ጅቡቲ ይደርሳል። ሁለተኛው ድሬዳዋ የሚደርሰው በ4.78 ሲሆን መውጣት የሚችለው በ9.58 ስለሆነ 4.8 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ ሦስተኛው 9.6፣ አራተኛው 14.4 እያለ ጥበቃው በ4.8 እያደገ ይሄዳል። አሥረኛው 43.2 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። አሥረኛው ድሬዳዋ የደረሰው በ14.38 ነው፤ 43.2 ሲጨመርበት 57.58፣ የራሱ ማስተላለፍ ሲጨመር 63.58፣ ጉዞው ሲጨመር 65.08 ሚሊሰከንድ ይሆናል።

ይኸው ቁጥር በአጭር መንገድም ይገኛል። የመጀመሪያው ፓኬት በ11.08 ከደረሰ በኋላ የተቀሩት 9 ፓኬቶች በየ6 ሚሊሰከንዱ ይከተሉታል፤ 11.08 ላይ 54 ሲደመር 65.08 ነው። ደንቡን በጥቅሉ ለመግለጽ፣ N እኩል ፓኬቶች በተከታታይ ሲላኩ የመጨረሻው የሚደርሰው የመጀመሪያው በደረሰበት ጊዜ ላይ N−1 ጊዜ ከሁሉ ዝግተኛው መስመር የማስተላለፍ መዘግየት ሲጨመርበት ነው። ብዙ ተማሪዎች በቃላቸው የያዙት (N+K−1)×L/R የሚለው ቀመር፣ K የመስመሮቹ ብዛት ሲሆን፣ የዚሁ ደንብ ልዩ መልክ ነው፤ የሚያገለግለው መስመሮቹ ሁሉ እኩል ፍጥነት ሲኖራቸውና የጉዞ መዘግየት ሲታለፍ ብቻ ነው። በዚህ ምሳሌ ላይ ቢለጠፍ የየትኛው መስመር R እንደሚገባበት እንኳ አይታወቅም። ቀመሩን ከነሁኔታው ያልያዘ ሰው ባይዘው ይሻለው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዝግተኛው መስመር በመጨረሻ መሆኑ ቀርቶ በመጀመሪያ ቢሆንስ? ማለትም ላኪው ከአዲስ አበባው ራውተር ጋር የተገናኘበት መስመር 2 ሜጋቢት፣ ከድሬዳዋ ጅቡቲ ያለው ደግሞ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ይሁን፣ ርቀቶቹም እንዳሉ ይቆዩ። የማስተላለፎቹ ድምር ያው 7.32፣ የጉዞዎቹም ያው 3.76 ነው፣ ዝግተኛው መስመርም ያው 6 ሚሊሰከንድ የሚወስደው ስለሆነ አሥረኛው ፓኬት አሁንም በ65.08 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። በራውተሮቹ ውስጥ ያለው የወረፋ መዘግየት ግን ዜሮ ሆኗል፤ ፓኬቶቹ ከላኪው በየ6 ሚሊሰከንዱ ተራርቀው ስለሚወጡ፣ ወደ ፊት ያሉት ፈጣን መስመሮች አንዱን ጨርሰው ሌላውን ይጠብቃሉ እንጂ ፓኬት ፓኬትን አይጠብቅም። ጥበቃው ወደ ላኪው ኮምፒውተር ተዛወረ እንጂ አልጠፋም፤ አሥረኛው ፓኬት መውጣት የሚጀምረው በ54ኛው ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ «ጠቅላላ ጊዜው ስንት ነው?» እና «በራውተሮቹ ውስጥ የተፈጠረው የወረፋ መዘግየት ስንት ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች በአንድ ሥዕል ላይ የተለያየ መልስ አላቸው፤ ለመጀመሪያው የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ግድ የለውም፣ ለሁለተኛው ግን ወሳኝ ነው። መዘግየቱን ከምን ቅጽበት ጀምሮ መቁጠር እንዳለበት ጥያቄው በግልጽ ካልተናገረ፣ ተፈታኙ የመረጠውን መነሻ በመልሱ ላይ መጻፉ ይጠቅመዋል።

አንድን ትልቅ መልእክት ሳይከፋፍሉ መላክና ከፋፍሎ መላክን የሚያነጻጽረው ጥያቄም ከዚሁ ይወጣል። ያው 15,000 ባይት እንደ አንድ ግዙፍ ፓኬት ቢላክ የማስተላለፍ መዘግየቶቹ 12፣ 1.2 እና 60 ሚሊሰከንድ፣ ጠቅላላው ከጉዞው ጋር 76.96 ይሆናል። መከፋፈሉ ያተረፈው 11.88 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ በማንኛውም መንገድ ያ ሁሉ ቢት በ2 ሜጋቢቱ መስመር ማለፍ አለበትና። ሦስቱም መስመሮች 2 ሜጋቢት ቢሆኑ ኖሮ ግን የማስተላለፉ ጊዜ ከ180 ወደ 72 ሚሊሰከንድ ይወርድ ነበር። የመማሪያ መጻሕፍት እኩል መስመሮችን ስለሚመርጡ ትርፉ ሁልጊዜ እንዲህ ትልቅ የሚመስላቸው አሉ፤ በየፓኬቱ ላይ የሚጨመረው የአድራሻ ክፍል ሲታሰብ ደግሞ ትርፉ ይበልጥ ያንሳል።

አማካይ ሲጠየቅ

እስካሁን የእያንዳንዱ ፓኬት መድረሻ ጊዜ ይታወቅ ነበር። የማይታወቅበት፣ የአመጣጣቸው መጠን ብቻ የሚሰጥበት የጥያቄ ዓይነት ከሌላ ምንጭ የተቀዳ ነው። ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በ1909 ስለ ስልክ ጥሪዎች አመጣጥ ባሳተመው ጽሑፍ የጀመረውን የወረፋ ጥናት፣ ሌናርድ ክላይንሮክ በአሜሪካ በሠራው የዶክትሬት ጥናቱና በ1964 በታተመው መጽሐፉ ወደ መልእክት መረቦች አምጥቶታል። መነሻው የጫና መጠን የሚባለው ቁጥር ነው፤ በሰከንድ a ፓኬቶች ቢመጡ የጫናው መጠን La/R ይሆናል። ከ1 ከበለጠ ወረፋው ያለ ገደብ ያድጋል፤ ከ1 ካነሰ ምን ያህል እንደሚጠበቅ የሚወስነው ፓኬቶቹ እንዴት እንደሚመጡ ነው።

በድሬዳዋው በር ላይ በሰከንድ 150 ፓኬቶች ቢመጡ የጫናው መጠን 0.9 ይሆናል። ልክ በየ6.67 ሚሊሰከንዱ አንድ አንድ እያሉ ከመጡ፣ እያንዳንዱ 6 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሚወስድ ማንም ማንንም አይጠብቅም፣ የወረፋ መዘግየቱ ዜሮ ነው። በዘፈቀደ፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከር የሚመጡ ከሆነና ርዝመታቸውም በዘፈቀደ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ በብዙ ፈተናዎች ላይ የሚሰጠው I×(L/R)/(1−I) የሚለው ቀመር፣ I የጫናው መጠን ሆኖ፣ አማካዩን ጥበቃ 54 ሚሊሰከንድ ያደርገዋል። አመጣጣቸው በዘፈቀደ ሆኖ ርዝመታቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አማካዩ የዚህ ግማሽ፣ 27 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ የጫና መጠን ሦስት መልስ ይሰጣል ማለት ነው፤ ስለ አመጣጡ ሳይናገር «የጫናው መጠን 0.9 ነው፣ የወረፋ መዘግየቱን አስሉ» የሚል ጥያቄ ጎደሎ ጥያቄ ነው።

አሥር ፓኬቶች በአንድ ቅጽበት ባዶ ራውተር ውስጥ ቢገቡ አማካዩ ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ ግን ዘፈቀደም አያስፈልግም። የመጀመሪያው ዜሮ፣ የመጨረሻው 9 ጊዜ 6፣ ማለትም 54 ሚሊሰከንድ ስለሚጠብቅ፣ አማካዩ የሁለቱ መካከል፣ 27 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በሰከንድ 100 ፓኬቶች ብቻ በዘፈቀደ ቢመጡ፣ ማለትም የጫናው መጠን 0.6 ቢሆን፣ የመጀመሪያው ቀመር 9 ሚሊሰከንድ ይሰጣል። ጫናው ከ0.6 ወደ 0.9 በአንድ ጊዜ ተኩል ሲያድግ ጥበቃው በ6 እጅ አደገ፤ መስመሩ ገና አልሞላም ብሎ መጽናናት የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ቦታ ሲያልቅ

ከላይ ያሉት ስሌቶች ሁሉ ራውተሩ የመጣለትን ሁሉ ማስቀመጥ ይችላል ብለው ይነሣሉ። የራውተር ማቆያ፣ በፈር የሚባለው፣ ግን ልክ አለው። የድሬዳዋው ራውተር በመውጣት ላይ ካለው ሌላ 5 ፓኬቶችን ብቻ ማቆየት ይችላል ተብሎ ቢጨመር፣ የአሥሩ ፓኬቶች ታሪክ ይለወጣል። አስቀድሞ በተሠራው የጊዜ መስመር ላይ መቁጠር ይበቃል፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው እየገቡ ይቆማሉ፣ በ9.58 የመጀመሪያው ሲያልቅ ሁለተኛው ቦታ ለቅቆ መውጣት ይጀምራል፣ በዚያው ቅጽበት ስድስተኛው ይገባል፣ ቆመው የሚጠብቁትም አራት ይሆናሉ። ሰባተኛው በ10.78 ገብቶ አምስተኛውን ቦታ ይይዛል። ስምንተኛው በ11.98፣ ዘጠነኛው በ13.18፣ አሥረኛው በ14.38 ሲደርሱ ማቆያው ሙሉ ነው፤ ሁለተኛው ወጥቶ የሚያልቀው በ15.58 ስለሆነ እስከዚያ ቦታ አይለቀቅም፣ ሦስቱም ይጣላሉ።

ማቆያው ጠባብ በመሆኑ ከፍተኛው የወረፋ መዘግየት ከ43.2 ወደ 28.8 ሚሊሰከንድ ወርዷል፤ ይህም ሰባተኛው ፓኬት የሚጠብቀው ነው። የመጨረሻው የደረሰው ፓኬትም ጅቡቲ የገባው በ47.08 ሚሊሰከንድ ነው። ቁጥሮቹን ብቻ የሚያይ ሰው መረቡ የተሻለ ሊመስለው ይችላል፣ ነገር ግን የተሻለው ሦስት ፓኬቶችን ከስሌቱ በማስወጣት ነው። በእውነተኛ መረብ ላይ ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ የመልስ ጊዜን ደጋግሞ የሚለካ ባለሙያም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል፤ መንገዱ ካልተቀየረና የሚልከው ፓኬት መጠኑ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ከሚያገኛቸው ቁጥሮች ትንሹ የማስተላለፍና የጉዞ መዘግየቱን ደርሶ መልስ ሲያሳይ፣ ከዚያ በላይ ያለው መዋዠቅ በአብዛኛው ወረፋ ነው፣ ጨርሶ መልስ ያልመጣላቸው ፓኬቶች ግን በአማካዩ ውስጥ አይቆጠሩም። የጠፉት ብዛት በሌላ መስመር፣ በመቶኛ ተጽፎ ይወጣል፤ የመዘግየቱ ቁጥር የሚነበበውም ከእርሱ ጋር ተያይዞ ነው።